ሙሽራው የሚታየው ላፕቶፑ ግማሽ ሲከደን ነው

ጎንደር ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ጥር ወር ማለት እንቅልፍ የለም ማለት ነው። ጥምቀት አለፈ እንደተባለ ሰርጉ ይደራረባል። ሙሽራ ሁሉ ቪዲዮውን የሚፈልገው ደግሞ ለነገ ነው። የኔ ላፕቶፕ ግራ ማጠፊያ ለመገንጠል የመረጠው ይህንኑ ወር ነው፤ ሐምሌ ላይ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ምን ነበረበት?

የሙሽራዋ እናትና ወንድም ቪዲዮውን ከመረከባቸው በፊት ሊያዩ መጥተዋል። ቡና ቀርቧል። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ከግራ በኩል "ቋ!" አለ። ከስክሪኑ ሥር ያለው ጥግ ተሰነጠቀና የጀርባ ሽፋኑና የፊቱ ጠርዝ ተላቀቁ፤ በመሃል ማጠፊያው ብረት ብቅ አለ። ቪዲዮው ግን መጫወቱን አላቆመም። ችግሩ ክዳኑን ወደኋላ ገፋ ሳደርገው ሙሽራው ይጠፋል፣ ስክሪኑም ነጭ ይሆናል። ወደፊት ስመልሰው ሙሽራው ይመለሳል። ስለዚህ ሦስታችንም አንገታችንን ጠረጴዛው ላይ ደፍተን፣ ግማሽ በተከደነ ላፕቶፕ ውስጥ አጮልቀን ሰርግ ማየት ጀመርን።

"ልጄ፣ ይኼ ዓይን ነው" አሉ እናትየው። "እስቲ ጸበል ረጨት እናድርግበት።"

"እማማ፣ የፈለጉትን ያድርጉ፤ ውኃ ብቻ አይሁን!"

ወንድምየው ደግሞ አዋቂ ነው። "ስክሪኑ ሞቷል፤ አዲስ ስክሪን ግዛ" ብሎ ፈረደ። የስክሪን ዋጋ የሚያውቅ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይፈርድም። የኤችዲኤምአይ ገመድ አምጥቼ ላፕቶፑን ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። ሙሽራው ከነክራቫቱ ጥርት ብሎ ወጣ! ቴሌቪዥን ላይ ምስሉ ደህና ከሆነ ምስሉን የሚፈጥረው ክፍል ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ወይ ስክሪኑ ነው፣ ወይ ወደ ስክሪኑ የሚወስደው ኬብል። ሁለቱን ለመለየት ክዳኑን በጣም በዝግታ ማንቀሳቀስ ነው። ምስሉ የሚጠፋውና የሚመጣው ከክዳኑ አቀማመጥ ጋር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። ክዳኑ ቢነቃነቅም ስክሪኑ ላይ የወጣ መስመር እዚያው ተገትሮ ከቀረ፣ ወይም የስክሪኑን ጠርዝ ጫን ሲያደርጉት ከተለዋወጠ፣ ያኔ ስክሪኑን መጠርጠር ነው። የኔው ሙሽራ እንደ ክዳኑ ዘንበል ማለት የሚሄድና የሚመጣ ስለነበር ትንሽ ተስፋ አደረግሁ።

ላፕቶፑን ተሸክሜ ፒያሳ ወጣሁ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ገና ቦርሳዬን ሳልዘጋ ሱፐር ግሉ መዘዘ። "አንድ ጠብታ ነው፣ አምስት ደቂቃ" አለኝ። ሱፐር ግሉ ለጫማ ጥሩ ነው። ማጠፊያ ላይ ግን ደርቆ እንደ ሸክላ ስለሚሰባበር ሁለተኛ ሦስተኛ ሲከፈት ይለቃል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ወደ ማጠፊያው ዘንግ ሰርጎ ጭራሹን ያደርቀዋል። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ወጣት ልጅ ነው፣ ብዙ አያወራም። በመጀመሪያ የባትሪውን ማገናኛ ነቀለ። "ለምን?" ስለው "በዚህ ኬብል ውስጥ ለስክሪኑ መብራት የሚሄድ ኃይልም አለ። ባትሪው እንደተሰካ ኬብሉን ስትነቅል አንዱ ከአንዱ ከተነካካ ወይ ፊውዙ ወይ ስክሪኑ ይቃጠላል" አለኝ። ከዚያ የፊቱን ጠርዝ ፈታና "ና እይ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጠፊያው ብረት ነው። የታሰረው ግን በብሎን፣ ብሎኑ የገባው ትንንሽ የናስ ቀለበቶች ውስጥ፣ ቀለበቶቹ የተቀበሩት ደግሞ በፕላስቲክ ሽፋኑ ላይ ነው። የማጠፊያው ቅባት ከጊዜ ብዛት ይደርቅና ዘንጉ ይጠጥራል። ክዳኑን ስንከፍት ጉልበቱ ዘንጉን ማዞር ሲያቅተው ወደ ፕላስቲኩ ይዞራል፤ ማጠፊያው እንደ ጠርሙስ መክፈቻ ሽፋኑን ይፈለቅቀዋል። የኔ ላይ ካሉት ሦስት ቀለበቶች ሁለቱ ከነፕላስቲካቸው ተነቅለው ብሎኑ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሦስተኛው ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። የስክሪኑ ኬብል በዚያው በግራ ማጠፊያው ሥር ተጠምዝዞ ስለሚያልፍ፣ የላላው ብረት በከፈትኩ ቁጥር ይጫነውና ይጎትተው ነበር። መሸፈኛው ተፍቆ፣ ከውስጡ ፀጉር ከሚያክሉት ሽቦዎች የተወሰኑት ተበጥሰዋል። ሙሽራውን ሲያጠፋውና ሲያመጣው የነበረው ይኸው ነው።

"ምን ይሻላል?" አልኩት።

ምርጡ መንገድ የጀርባ ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው፤ ቀለበቶቹ ከነቦታቸው አዲስ ይመጣሉ። ግን ከአዲስ አበባ መታዘዝ አለበት፣ እኔ ደግሞ በር ላይ የቆመ ሙሽራ አለብኝ። ሁለተኛው ሽፋኑን በመብሻ በስቶ ከውጭ ብሎን አስገብቶ ከውስጥ በዳዶ ማሰር ነው። ይሄኛው አይነቃነቅም፣ ለጭነት መኪና የተሠራ ይመስላል። ቢሆንም ጀርባው ላይ የብሎን ራስ ተደርድሮ ይታያል፣ ብሎኑ ትንሽ ከረዘመ ደግሞ ስክሪኑን ከኋላ ይወጋዋል። የመረጥነው ሦስተኛውን ነው፤ ከሁለት ቱቦ የሚደባለቀውን ማጣበቂያ፣ ኤፖክሲን።

ልጁ ሥራውን ያውቀዋል። ፕላስቲኩን በአልኮል ጠረገ፣ ኤፖክሲው እንዲይዝ በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አደረገው። ቀለበቶቹን ማጠፊያው ላይ በብሎን አስሮ በትክክለኛ ቦታቸው አስቀመጣቸው፤ ብሎኑንም አብሮ እንዳይጣበቅ ቅባት ቀባው። ከዚያ ዙሪያውን በኤፖክሲ ሞላና "ሃያ አራት ሰዓት እንዳትነካው" አለኝ። ከደረቀ በኋላ የማጠፊያውን ዳዶ በጥቂቱ አላላው። እኔ ብሆን ይህን እረሳው ነበር፤ ብዙ ጠጋኝም ይረሳዋል። ዘንጉ እንደጠጠረ ከቀረ አዲሱንም ጥገና ይነቅለዋል። ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ክዳኑ ጣት ላይ ይወድቃል፤ ክዳኑ ባቆሙት ቦታ ሲቆም ትክክል ነው።

ኬብሉን ከሌላ ከሞተ ላፕቶፕ ላይ አገኘው። መጀመሪያ ግን የኔው ላይ የታተመውን ቁጥር ፊደል በፊደል አመሳከረ። መልኩ አንድ ሆኖ አንዱ 30 ሌላው 40 ፒን ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ አይሠራም። ኬብሉም ጥገናውም ተደምሮ ወንድምየው ከፈረደብኝ ስክሪን በጣም ያንሳል።

ኤፖክሲው እስኪደርቅ ታዲያ ሥራ አልቆመም። ክዳኑ ተነቅሎ እሱ ጋ ቀረ፤ የታችኛውን ክፍል ይዤ ቤት ገባሁና ከቴሌቪዥኑ ጋር ሰካሁት። ግቢያችን ደግሞ የጋራ ነው፣ ሳሎኔም በር ላይ ነው። መጀመሪያ ሕፃናቱ ገቡ፣ ቀጥሎ እናቶቻቸው፣ ማታ ላይ አከራዬ ወንበራቸውን ይዘው መጡ። እኔ እየቆረጥኩ እየቀጠልኩ እነሱ "እስቲ ያንን መልሰው!" ይላሉ። የሚዜውን እስክስታ ስንት ጊዜ እንዳስመለሱኝ አትጠይቁኝ።

ሙሽራዋ ልትረከብ የመጣች ዕለት አከራዬ በሩ ላይ ተቀበሏት። "ሹሩባሽ እንዴት ያምራል የኔ ልጅ! እንዲያው ያ ሚዜ ትከሻውን ምን ነክቶት ነው?" አሏት። ልጅቱ ቪዲዮውን ገና አላየችውም። ማታውኑ ሚዜው ደወለልኝ፤ እስክስታው ተቆርጦ እንዲወጣለት ይለምነኛል።