ውሻውና ባለቤቱ በአንድ ስዕል

ዛሬ አንዲት ሴትና ውሻዋን በእርሳስ ስስል ዋልኩ። የላከችልኝ ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ናቸው። እሷ ላይ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፣ ውሻው ላይ ከቀኝ። ብርሃኑ ከአንድ ወገን እንዲመጣ የአንዱን ፎቶ ግራና ቀኝ መገልበጥ ግድ ነው። የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ እሷን ብገለብጣት መልኳ ይጠፋል። ስለዚህ ውሻውን ገለበጥኩት። ደግነቱ በአንድ ጎኑ ብቻ ያለ ምልክት የለውም፤ ቢኖረው ወዲያው ታውቅ ነበር።

ፀጉሩን አንድ በአንድ አልሳልኩም። መጀመሪያ ጥላውን በጅምላ፣ ከዚያ በበቀለበት አቅጣጫ አጫጭር መስመር። ብርሃን የነካውን በላጲስ ጫፍ አነሳሁ።

ብዙ ሰዓት የወሰደብኝ ጉንጯና ጆሮው የሚነካኩበት ቦታ ነው። እዚያ ደረቅ መስመር ከገባ ውሻው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ጥቂት ፀጉሮች ጉንጯ ላይ እንዲያልፉ አድርጌ ከሥራቸው ስስ ጥላ ጣልኩ። የአገጯን መስመር ግን ፀጉር እንዲሸፍነው አልፈቀድኩም፤ መልኳ ያለው እዚያ ነው።