ዱቤውን ከ30 ወደ 60 ቀን ያራዘምን ጊዜ

ስህተቱ የእኔ ስለነበር ከእኔ ልጀምር። በአንድ የቀለም ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል የተሰብሳቢ ሂሳብ ኃላፊ ነበርኩ። ደንበኞቻችን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች ናቸው፤ የሚበዙት መርካቶ፣ የቀሩት ሐዋሳ፣ ደሴና ባሕር ዳር ነበሩ። ቀለሙን በዱቤ ይወስዳሉ፣ በ30 ቀን ይከፍላሉ። የዓመት የዱቤ ሽያጫችን 36 ሚሊዮን ብር ነበር።

አንድ ቀን የሽያጭ ኃላፊው ከመስክ ተመልሶ ስብሰባ ጠየቀ። ተፎካካሪዎቻችን የ60 ቀን ዱቤ መስጠት መጀመራቸውን፣ እኛም ብንሰጥ በዓመት 6 ሚሊዮን ብር ተጨማሪ ሽያጭ እንደሚያመጣ ነገረን። ሰውየው በባዶ ሜዳ የሚናገር አልነበረም፤ የእያንዳንዱን መደብር ስምና የሚያነሣውን መጠን በደብተሩ ይዟል። ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አዋጭነቱን ሠርተህ ሰኞ አምጣልኝ» አሉኝ።

ሠርቼ አመጣሁ። ከ100 ብር ሽያጭ ውስጥ 80 ብሩ ለጥሬ ዕቃ፣ ለቆርቆሮ ጣሳ፣ ለማጓጓዣና ለኮሚሽን የሚወጣ ተለዋዋጭ ወጪ ነው። ፋብሪካው ከአቅሙ በታች ይሠራ ስለነበር ኪራዩ፣ የማሽኑ እርጅናና የቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ በተጨማሪው ምርት ምክንያት አይነኩም። ስለዚህ ከ6 ሚሊዮን ብሩ አዲስ ሽያጭ 1,200,000 ብር ይተርፋል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበርኩ። ለሁለተኛ ፈረቃ ሰው መቅጠር ግድ ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ቁጥር ከመጀመሪያውም አይቆምም ነበር።

የሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሽያጭ በ60 ቀን ሲከፈል በማንኛውም ጊዜ 1 ሚሊዮን ብር በደንበኞች እጅ ይኖራል፤ እኛ ያወጣንበት 800,000 ብር ነው፤ ባንኩ ከሂሳባችን በላይ እስከ ተወሰነ ገደብ እንድናወጣ በፈቀደልን ብድር፣ በኦቨርድራፍታችን፣ የ18 በመቶ ወለድ ሲታሰብ 144,000 ብር። አዲሶቹ ደንበኞች እምብዛም ስለማናውቃቸው ከሽያጫቸው 2 በመቶው አይሰበሰብም ብዬ 120,000 ብር ቀነስኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ 936,000 ብር ትርፍ ጻፍኩ። ስብሰባው ሃያ ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። ውሳኔው ለሁሉም ደንበኞች በደብዳቤ ተላለፈ።

ለሁሉም ደንበኞች የምትለዋ ቃል ናት ስሌቴን ያፈረሰችው። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት ራሴ ሆኜ አላስተዋልኳትም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሽያጩ ከተጠበቀው በላይ ዘለለ። ሦስተኛው ወር ላይ ወረደ። የሽያጭ ኃላፊው ደንግጦ መርካቶ ወርዶ ሲያይ በየመደብሩ ጓዳ የእኛ ቀለም እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ባለመደብሮቹ ለግድግዳ ቀቢው የሸጡት ብዙ አልጨመረም፤ የሁለት ወር ዕቃ በአንድ ጊዜ አንሥተው ነበር። የዱቤ ጊዜ ሲረዝም የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ሽያጭ አይቶ የሚፈርድ ሰው የመደብሩን ጓዳ መሙላት እንደ ዕድገት ይቆጥረዋል። ስድስተኛው ወር ላይ ግን ነገሩ ተረጋጋ፤ ጭማሪው የሽያጭ ኃላፊው እንዳለው በወር ግማሽ ሚሊዮን ብር አካባቢ ቆመ። እርሱ በግምቱ አልተሳሳተም።

ኦቨርድራፍቱ ግን መውረድ እምቢ አለ። የጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሲከፈል ገደቡን ይነካል፤ ደመወዝ ሲደርስ እንደገና ይነካል። ባንኩ ገደቡ እንዲነሣ ማመልከቻ እንድናስገባ ሲጠይቀን ሥራ አስኪያጇ ጠርተው፣ «ሽያጭ ጨምረን እንዴት ገንዘብ አጣን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ምሽት የተሰብሳቢ ሂሳቡን የዕድሜ ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ደንበኛ ዕዳ ስንት ቀን እንደቆየ የሚያሳየውን፣ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ቫቱን ሳወጣ ደንበኞች ላይ ያለን ገንዘብ 7,900,000 ብር ነው። የወሩ ሽያጭ 3,500,000 ብር ስለነበር ለአንድ ቀን ወደ 116,700 ብር ይደርሳል። አካፈልኩት፤ ወደ 68 ቀን መጣ። የፈቀድነው 60 ነው፤ እነርሱ የሚከፍሉት በ68ኛው ነው። ከዚህ በላይ ያስደነገጠኝ ግን የስሞቹ ቅደም ተከተል ነው። በዝርዝሩ አናት ላይ፣ ከ31 እስከ 60 ቀን በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ በዚያ ዓምድ ታይተው የማያውቁ የቀድሞ ደንበኞቻችን ስም ተደርድሯል።

በማግሥቱ ከእነርሱ አንዱ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ከፋብሪካው መክፈቻ ጀምሮ የሚያውቁን ሰው ናቸው። ቼካቸው ሁልጊዜ በ28ኛው ቀን ይደርስ ነበር። ሻይ አዘዙልኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ በዚህ ወር አላስተናገዱንም» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ውሉን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ። ያለ ወለድ የሰጣችሁኝን ገንዘብ ስለ ምን ፈጥኜ እመልሳለሁ? ያው እዚያ ይታይሃል።» በእጃቸው ወደ ሱቁ ጥግ አመለከቱ። የታሰረ የአርማታ ብረትና የሚስማር ካርቶን ተከምሯል። «የብረት ነጋዴው ዱቤ አይሰጥም፤ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሸጥልኝ።»

ያ ብረት የተገዛው በእኛ ገንዘብ ነበር፤ እኛ ደግሞ በ18 በመቶ ከባንክ ተበድረነዋል። ሰውየው ያደረጉት ነገር ሁሉ የሚያስመሰግን ንግድ ነው። እኔ ግን በወረቀቴ ላይ እርሳቸውንና መሰሎቻቸውን ጨርሶ አልቆጠርኳቸውም ነበር፤ እነርሱ እንደ ዱሮው በ30 ቀን ይከፍላሉ ብዬ ሳልጽፈው አምኜ ነበር።

ተመልሼ ስሌቱን እንደ አዲስ ሠራሁት። የቀድሞዎቹ ደንበኞች 36 ሚሊዮን ብር በ30 ቀን ሲከፈል 3 ሚሊዮን ብር ውጭ ይቀመጣል፤ በ60 ቀን ሲከፈል 6 ሚሊዮን። ጭማሪው 3 ሚሊዮን ብር ነው። እዚህ ላይ በወጪ ዋጋ ማለትም በ80 በመቶ ማስላት አይገባም፤ ይህ ገንዘብ ውሉ ባይቀየር ኖሮ በሙሉ ዋጋው ባንካችን ይገባ ነበርና። በወጪ ዋጋ የሚታሰበው የአዲሱ ሽያጭ 800,000 ብር ብቻ ነው፤ ያ ሽያጭ ያለ አዲሱ ውል አይኖርም ነበር፣ የታሰረውም ያወጣነው ብቻ ነው። ድምሩ 3,800,000 ብር፤ የዓመት ወለዱ 684,000 ብር። እኔ የጻፍኩት 144,000 ነበር።

የማይሰበሰበው ዕዳም እንዲሁ። ቀድሞ ከሽያጩ 1 በመቶ፣ በዓመት 360,000 ብር እናጣ ነበር። ሁለት በመቶ የሚሆነው በአዲሶቹ ላይ ብቻ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን አንድ መደብር ሲዘጋ ምን ያህል ይዞብን እንደሚሄድ አስቡት። በወር የ200,000 ብር ቀለም የሚወስድ ደንበኛ በ30 ቀን ዱቤ ሲጠፋ 200,000 ይዞ ይጠፋል፤ በ60 ቀን ዱቤ 400,000። የደንበኛው ጠባይ ሳይከፋ፣ የሚዘጉት መደብሮች ቁጥር ሳይጨምር፣ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ከ42 ሚሊዮን ብር ላይ 2 በመቶው 840,000 ነው፤ ጭማሪው 480,000 ብር።

ከ1,200,000 ብር ላይ 684,000ውና 480,000ው ሲቀነሱ 36,000 ብር ይቀራል። ለዚህ ብለን ነው ያን ሁሉ የደከምነው።

ቫቱ ደግሞ አለ። ለመንግሥት የምናስታውቀው ደረሰኙን በቆረጥንበት ወር ሂሳብ እንጂ ገንዘቡን በሰበሰብንበት አይደለም። ደንበኛው በ30 ቀን ሲከፍል የቫቱ ገንዘብ መክፈያው ቀን ሳይደርስ እጃችን ይገባል። በ60 ቀን ሲከፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከኪሳችን ቀድመን እንከፍላለን። በቀድሞዎቹ ደንበኞች 3 ሚሊዮን ብር ላይ 15 በመቶው 450,000 ብር ነው፤ ወለዱ 81,000 ብር። ያቺ 36,000 ብርም በዚህ ጠፍታ 45,000 ብር ኪሳራ ሆነች። ከ60 ቀን ያለፉት 8 ቀናት ብቻቸውን 933,000 ብር አካባቢ ያስራሉ፤ በወለድ 168,000 ብር።

ወረቀቱን ይዤ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባሁ። የፊተኛውንና የኋለኛውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸውና፣ «የመጀመሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የቀድሞ ደንበኞችን ረስቻለሁ» አልኳቸው። ዝም ብለው አነበቡ። ከዚያ የሽያጭ ኃላፊውን አስጠሩ። እርሱ ወደ 30 ቀን መመለስን በጽኑ ተቃወመ፤ ትክክልም ነበር። ዱቤ መስጠት ቀላል ነው፤ የሰጡትን መንጠቅ ግን ደንበኛውን በቀጥታ ወደ ተፎካካሪ መግፋት ነው። ለአዲሶቹ ብቻ 60 ቀን እንስጥ የሚል ሐሳብም ተነሣ። በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን መርካቶ ውስጥ ለአንዱ የተሰጠ ውል ከሰዓት በኋላ ለሌላው ይደርሳል።

የተስማማነው በሌላ መንገድ ነው። 60 ቀኑ ባለበት ይቆይ፤ በ30 ቀን ውስጥ ለሚከፍል ግን 1 በመቶ ቅናሽ ይሰጠው። ለ30 ቀን ቀድሞ መክፈል 1 በመቶ ማለት በዓመት 12 በመቶ አካባቢ ነው፤ እኛ ለባንክ ከምንከፍለው 18 በመቶ ያንሳል። የቀድሞዎቹ ደንበኞች ግማሽ ያህሉ ቢቀበሉት የ180,000 ብር ቅናሽ ሰጥተን ከነቫቱ ወደ 310,000 ብር ወለድ እናድናለን፤ ለእያንዳንዱ መደብር የተጋለጥነው ገንዘብም በዚያው ይቀንሳል። በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያ አበጀን፤ ጣሪያውን የነካ ሰው የቀድሞውን ሳይከፍል አዲስ ዕቃ ከመጋዘን አይወጣለትም። 60 ቀኑን ያለፈ ሰው ስም በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ለሽያጭ ሠራተኞቹ ይደርሳቸዋል፤ ኮሚሽናቸውም ደረሰኝ ሲቆረጥ መከፈሉ ቀርቶ ገንዘቡ ሲገባ እንዲከፈል ተደረገ። በዚህ የመጨረሻው ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሠራው እርሱ ይመስለኛል።

ቅናሹ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ከመርካቶው ሽማግሌ ስልክ ተደወለልኝ። «ልጄ፣ አንድ በመቶው ከቫቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚቀነሰው?» ብለው ጠየቁኝ። ከቫቱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «በል እንግዲያውስ ብረቱን ሸጬ ጨርሻለሁ፤ ልጁን ላከው» አሉ። ቼኩ የተጻፈው ዕቃው በወጣ በ29ኛው ቀን ነበር።