ኢኮኖሚስቱ 0.5 ላይ ቆመ፦ አንድ የታጨቀ የሜቶዶሎጂ አንቀጽ እንዴት እንደፈታሁ

ጥናታችን የቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያን ይመለከታል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ማጣሪያ ያላቸው ቤቶች የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ያለው ኢኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ከሌሎቹ ምን ያህል ያነሰ ነው? ዕጣ አውጥተን ለግማሾቹ ቤቶች ማጣሪያ ሰጠን፣ ለቀሩት አልሰጠንም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቤት በተለያየ ወቅት ሦስት ጊዜ እየጎበኘን የሚጠጡትን ውሃ ቀዳን። ጽሑፉን የላክንበት ጆርናል ግን የማይክሮባዮሎጂ ሰዎች ብቻ የሚያነቡት አይደለም። ኢኮኖሚስቶችም መሐንዲሶችም ያነቡታል፤ ገምጋሚውም የሜቶዶሎጂውን አንቀጽ ከሌላ ሙያ የመጣ ሰው እንዲከታተለው አድርጋችሁ ጻፉት አለን። ሥራውን እኔ ወሰድኩት።

አንቀጹ ይህን ይመስል ነበር፦

«ናሙናዎች በሜምብሬን ፊልትሬሽን (0.45 ማይክሮሜትር) ተጣርተው፣ በተሻሻለ ኤምቴክ አጋር ላይ ለ2 ሰዓት በ35 ከዚያም ለ22 ሰዓት በ44.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ኢንኩቤት ተደርገው፣ ኢኮላይ በሲኤፍዩ በ100 ሚሊ ሊትር ተቆጥሯል፤ ከመለያ ወሰን በታች የሆኑ እሴቶች በ0.5 ተተክተው ወደ ሎግ10 ከተቀየሩ በኋላ፣ ማጣሪያ፣ ጉብኝትና የሁለቱ መስተጋብር ፊክስድ ኢፌክት፣ ቤት ደግሞ ራንደም ኢንተርሴፕት በሆነበት ሊኒየር ሚክስድ ሞዴል በሬምል ተገምተዋል።»

ስህተት የለበትም። ሙያው ያለው ሰው ይህን አንብቦ ሥራውን መድገም ይችላል። ሌላው ሰው ግን የት ላይ እንደሚጠፋ በግምት ማወቅ አልፈለግኩም። ስለዚህ ኢኮኖሚስት የሆነ ጓደኛዬን አንዴ እንዲያነበው ሰጠሁት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበልኩትና፣ «አንዲት ጠርሙስ ውሃ ከቤት ከተቀዳች ጀምሮ ቁጥር ሆና ሠንጠረዥ ውስጥ እስክትገባ ምን ምን ሆነች? ንገረኝ» አልኩት። «ገባህ ወይ?» ብለው ኖሮ «አዎ» ብሎ ይገላግለኝ ነበር። ሲተርክ ግን የሚዘለው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል።

የጠበቅኩት በኤምቴክና በሲኤፍዩ ላይ እንደሚደናቀፍ ነበር። እነሱን «የሆነ የላብራቶሪ ነገር» ብሎ ሳይጨነቅ አለፋቸው። የቆመው 0.5 ላይ ነው። «ባክቴሪያ ግማሽ ይሆናል እንዴ? ደግሞስ ማን መረጠው?» አለ። ቀጥሎ ሎግ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ደግሞ ፊክስድ ኢፌክት የሚለውን አንብቦ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ነገር ነገረኝ። እሱን እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ነው ሥራው የተገለጠልኝ። አንቀጹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ዝርዝር ተደባልቋል። አንዱ ሥራውን መድገም ለሚፈልግ ሰው ነው፦ የቀዳዳው ስፋት፣ ሙቀቱ፣ ሰዓቱ። ሌላው ውጤቱን ማመን አለማመኑን ለሚመዝን ሰው ነው፦ ዜሮው ምን ተደረገ፣ ሎግ ለምን፣ ከአንድ ቤት የመጡ ናሙናዎች እንዴት ተቆጠሩ። የሌላ ሙያ አንባቢ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። የታጨቀው አንቀጽ ግን ለ44.5 ዲግሪም ለ0.5ም እኩል አንድ አንድ ሐረግ ሰጥቷቸዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት ወደ አባሪ አወረድኩት፤ አንድም ቁጥር አልሰረዝኩም። ዋናው ጽሑፍ ላይ የዘዴውን ስም ብቻ ተውኩ። ያተረፍኩትን ቦታ በሙሉ ለሁለተኛው ሰጠሁ።

የላብራቶሪውን ክፍል በጠርሙሷ መንገድ ጻፍኩት። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ኢኮላይ በማያልፍበት ወንፊት ውስጥ አሳለፍን። ወንፊቱን ባክቴሪያውን በሚያሳድግ ምግብ ላይ አስቀመጥን። በማግስቱ በዓይን የሚታዩትን ነጠብጣቦች ቆጠርን። መጀመሪያ «ባክቴሪያዎቹን ቆጠርን» ብዬ ነበር የጻፍኩት። አብራን የጻፈችው ማይክሮባዮሎጂስት ግን አላሳለፈችውም። «አንድ ነጠብጣብ ከአንድ ሴል ሊነሳ ይችላል፣ ተጣብቀው ከመጡ ብዙ ሴሎችም ሊነሳ ይችላል። የቆጠርነው ነጠብጣብ ነው» አለች። ልክ ናት፤ «ነጠብጣብ» ደግሞ ለኢኮኖሚስቱም ቀለል ይላል። የዓረፍተ ነገሩን ማቃለል ከሙያው ጋር የሚጋጭ መስሎ የሚታየን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን በዓይን በሚታየው መልኩ ስላልጻፍነው ነው።

ዋናው ድካም 0.5 ላይ ነበር። አንድ ናሙና ላይ ምንም ነጠብጣብ ካልታየ ያወቅነው በዚያች 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ እንዳላገኘን ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ባክቴሪያ የለውም ማለት አይደለም። ሊትሩን ሙሉ ብናጣራው አንድ ሁለት ልናገኝ እንችል ነበር። ከዚህም ሌላ ችግር አለ፤ የዜሮ ሎጋሪዝም የለም። ስለዚህ በዜሮና በአንድ መሃል ያለ ቁጥር እንተካለን፣ የተለመደው 0.5 ነው።

ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ጓደኛዬ አይለቀኝም። ምክንያቱም ምርጫው ውጤቱን ይነካል። በምሳሌ አስሉት። የ0.5 ሎግ ወደ -0.3 ነው። የ0.1 ሎግ ደግሞ -1 ነው። ማጣሪያ ካላቸው ቤቶች ናሙና ግማሹ ዜሮ ቢሆን፣ ከ0.5 ወደ 0.1 መቀየር ብቻውን የዚያን ቡድን አማካይ በ0.35 ዝቅ ያደርገዋል። ሌላው ቡድን ውስጥ ዜሮ ከሌለ ልዩነቱ በሙሉ ማጣሪያውን የሚያስመሰግን ይሆናል፤ ማጣሪያው ግን ምንም አልጨመረም። ያገኘነው ጠቅላላ ልዩነት በሎግ 0.7 ስለሆነ ይህ ግማሹ ነው። ከሌላ ሙያ የመጣ አንባቢ እንዲህ ያለውን ነገር የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ፣ በሙያው የተለመደ ስለሆነ ብቻ ልንደብቀው አይገባም። ስለዚህ አዲሱ አንቀጽ ላይ ከየቡድኑ ምን ያህሉ ዜሮ እንደነበር ጻፍን። ምንም ሳንተካ፣ ዜሮዎቹን «ከ1 በታች የሆነ ያልታወቀ ቁጥር» ብሎ በሚወስድ ሞዴል ደግመን እንዳሰላነውና ድምዳሜው እንዳልተለወጠም አከልን። ያንን ሞዴል ኢኮኖሚስቶች ቶቢት ብለው ያውቁታል፣ ስሙን ስንጠራላቸው ማብራሪያም አላስፈለገም።

ሎጉን ለማስረዳት ትርጉም መጻፍ ተውኩና ሦስት ቤት ወሰድኩ። ነጠብጣባቸው 1፣ 10 እና 1000 ነው። ተራው አማካይ 337 ይሆናል፤ አንዱ ቤት ሁሉንም ጎትቷቸዋል። በሎግ አማካዩን አውጥተን ብንመልሰው ግን ወደ 22 ገደማ ይመጣል። ይህ ለተለመደው ቤት ይቀርባል። ይህን ካየ በኋላ አንባቢው የ0.7ን ልዩነት ራሱ ሊፈታው ይችላል፤ 10 በ0.7 ሲነሳ 5 ስለሚሆን ማጣሪያ ያለው ቤት ነጠብጣብ የሌላው አንድ አምስተኛ ነው፣ 80 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። የመተማመኛ ክልሉም ከ0.4 እስከ 1 ስለነበር «ከ60 እስከ 90 በመቶ» ብለን ጻፍነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አስገባሁ፦ ይህ ቅናሽ በተራው አማካይ ላይ አይሠራም። ኢኮኖሚስት ቁጥራችንን ወስዶ የሕመም ወጪ ሊያሰላበት ይችላል። በዚያ ስሌት ደግሞ ያ 1000 ነጠብጣብ ያለው ቤት ብዙ ይመዝናል።

አሁን ወደ ፊክስድ ኢፌክት። ጓደኛዬ ያለኝ «ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን መለያ አስገብታችኋል ማለት ነው» ነበር። በእሱ ሙያ እንደዚያ ነው። በእኛ አጠራር ግን ፊክስድ ኢፌክት ለሁሉም ቤት አንድ የሆነው ውጤት ነው፣ እዚህ ላይ ማጣሪያውና ጉብኝቱ። ችግሩ የስም ብቻ አይደለም። እሱ እንደገመተው አድርገነው ቢሆን ኖሮ ጥናቱ ራሱ አይሠራም ነበር። ማጣሪያው ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት ስለተሰጠ አንድ ቤት ወይ ሁልጊዜ ማጣሪያ አለው ወይ ሁልጊዜ የለውም፣ ስለዚህ የቤቱ መለያ የማጣሪያውን አማካይ ውጤት በሙሉ ይውጠዋል። የማይገባ ቃል አንባቢን ያስቆማል፣ እሱም ይጠይቃል። በሁለት ሙያ ሁለት ነገር የሚያመለክት ቃል ግን አያስቆመውም፤ የገባው መስሎት ይሄዳል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። ቃሉን ከዋናው ጽሑፍ አወጣሁትና የሚሠራውን ጻፍኩ፦ «ከአንድ ቤት የተቀዱ ሦስት ናሙናዎች ይመሳሰላሉ፤ እንደ ሦስት የተለያዩ ቤቶች ብንቆጥራቸው ማስረጃችን ከሆነው በላይ የበዛ ይመስላል። ስለዚህ ሞዴሉ እያንዳንዱ ቤት ከአማካዩ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ የራሱ መነሻ እንዲኖረው ይፈቅዳል።»

መስተጋብር የሚለውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ፤ «ማጣሪያው እያረጀ ሲሄድ ውጤቱ ይቀንስ እንደሆነ አብረን ፈተሽን።» የሞዴሉ መገመቻ ዘዴ የሆነው ሬምል ወደ አባሪው ወረደ፣ ማንም አልጠየቀበትም።

የተጻፈው ወደ እጥፍ ረዘመ። የቃላት ገደብ ስላለ ከውይይቱ ክፍል የሜቶዶሎጂውን ምርጫዎች እንደገና የሚከላከሉ ዓረፍተ ነገሮችን አወጣሁ፤ ምክንያታቸው ከፊት ከተነገረ ከኋላ አያስፈልጉም።

አዲሱን ለጓደኛዬ አላሳየሁትም፣ እሱ አንዴ ስለነገርኩት ያውቀዋል። ጉዳዩን ያልሰማች አንዲት መሐንዲስ አነበበችውና ያንኑ የጠርሙስ ጥያቄ ጠየቅኳት። ውሃው ከመቀዳቱ እስከ ሞዴሉ ሳትዘል ተረከችው። ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ፦ «ውሃው ተቀድቶ ላብራቶሪ እስኪደርስ ምን ያህል ቆየ? በሙቀት ከቆየ ቁጥሩ ይለወጣል እኮ።» መልሱ አባሪው ውስጥ ነበር። ውጤቱን ለሚመዝን ሰው የሚያስፈልግ ሆኖ ስላገኘነው «ናሙናዎቹ በበረዶ ሳጥን ተይዘው በተቀዱበት ቀን ተጣርተዋል» የሚለውን ወደ ዋናው አንቀጽ፣ ከጠርሙሷ ቀጥሎ አስገባነው።