የቅጥር ደብዳቤው ሲዘገይ እንዴት ልጠይቅ?

ሥራው የተነገረኝ በሰኔ መጨረሻ፣ በስልክ ነበር። ገላን ያለ አንድ ፋብሪካ ነው፤ መደቡ ሲኒየር አካውንታንት። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ሜክሲኮ። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ። ልጄ ሳታየኝ የምትተኛበት ቀን ብዙ ነው። ገላን ግን ጎረቤታችን ነው። የኤችአር ባለሙያዋ "አልፈሻል፣ ማስረጃ አጣርተን ስንጨርስ የቅጥር ደብዳቤ እንሰጥሻለን" ስትለኝ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው የከበደኝ። ሥራው ተሰጥቶኛል፤ ግን በእጄ ወረቀት የለም። ደጋግሜ ብጠይቅ የማልታገሥ መስዬ እንዳልታይ፣ ዝም ብል ደግሞ እንዳልረሳ ፈራሁ። ያን ጊዜ ያደረግኩትን በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩት፣ ሰፈራችን ውስጥ ብቻ በዚህ ጭንቀት ያሉ ሰዎች ስለማውቅ ነው።

የረዳኝ የመጀመሪያው ነገር ያኔውኑ በስልክ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። "ማጣራቱ መቼ ገደማ ያልቃል ብዬ ልጠብቅ?" አልኳት። "ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ነው" አለችኝ። ማታውን አጭር ኢሜይል ጻፍኩላት፦ ስለ መልካም ዜናው አመሰገንኩ፣ የነገረችኝን የሥራ መደብና ደመወዝ ጠቀስኩ፣ ማጣራቱ በሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚያልቅ መረዳቴንም ጨመርኩ። እሷም "ልክ ነው" ብላ መለሰች። ይህ ውል አይደለም። ግን ሁለታችንም የተስማማንበት ቀን ሆነልን። ቀኑ ሳይደርስ ብጠይቅ ጉትጎታ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ ስጠይቅ ግን ራሷ የነገረችኝን ቀን ነው የማስታውሳት።

አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት ምንም አልተናገርኩም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ማስጠንቀቂያ አስገብቼ አዲሱ ቅጥር ቢቀርስ? የቤት ኪራይ በቃል አይከፈልም። ስለዚህ የአንድ ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሳገኝ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ሁለቱ ሳምንት አለፈ። ወዲያው አልደወልኩም። መጀመሪያ ማጣራት የሚባለው ነገር ውስጥ ምን ምን እንዳለ ለራሴ ዘረዘርኩ። የጣት አሻራ ሰጥቼ ከወንጀል ነጻ ማስረጃዬን አምጥቻለሁ። የዋሴን የደመወዝ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። እነዚህ በእኔ እጅ የነበሩ ናቸው፣ አልቀዋል። የቀሩት በሌላ ሰው እጅ ያሉት ናቸው፦ የቀድሞ አለቆቼ በስልክ የሚሰጡት ሪፈረንስ፣ እና የሥራ ልምድ ደብዳቤዎቼ እውነተኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ፋብሪካው ለቀድሞ መሥሪያ ቤቶቼ የሚጽፈው ደብዳቤ። ለሪፈረንስ የሰጠኋቸው ሁለቱ ሰዎች ጋ ደወልኩ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም፤ እሱ የእኔ አይደለም። "ተደውሎልዎት ነበር ወይ?" ብቻ ነው ያልኩት። ሁለቱም ተደውሎላቸው መልሰዋል። እንግዲህ የቆመው ደብዳቤው ላይ መሆን አለበት።

ከዚያ ይህን ጻፍኩ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ለሲኒየር አካውንታንት መደብ በስልክ የነገሩኝን ቅጥር በተመለከተ ነው የምጽፍልዎት። የማስረጃ ማጣራቱ እስካለፈው ሳምንት ገደማ ያልቃል ብለውኝ ስለነበር የት እንደደረሰ ልጠይቅ ብዬ ነው። ከእኔ የሚጎድል ሰነድ ካለ፣ ወይም ከቀድሞ መሥሪያ ቤቶቼ እስካሁን ያልመለሰ ካለ ቢነግሩኝ በእኔ በኩል እከታተላለሁ። አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የምሰጠው የቅጥር ደብዳቤውን ስቀበል ነው፤ ሥራ የምጀምርበትን ቀን ሲያስቡ ይህን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።"

ዋናው "ያልመለሰ ካለ" የሚለው ነው። "ምነው ዘገየ?" ብላት ኖሮ ጥፋተኛ ፍለጋ ይመስላል፤ መልሱም "በሂደት ላይ ነው" ይሆናል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳልመለሰ ስጠይቃት ግን ፋይሉን ከፍታ ማየት አለባት። ከፍታ ስታይም ሥራውን የሚያቀልላት ሰው አጠገቧ አለ። ስለ ማስጠንቀቂያው የጻፍኩት ደግሞ ለማስፈራራት አይደለም። ፋብሪካው በነሐሴ መጨረሻ ሰው ከፈለገ ደብዳቤው በሐምሌ መውጣት እንዳለበት በእርጋታ ይናገራል። ሌላ መሥሪያ ቤት እየጠበቀኝ ነው የሚል ውሸት አልጨመርኩም። ውሸት ከሆነ ይታወቃል፤ የገንዘብ ሥራ ላይ ለሚቀጠር ሰው ደግሞ ከዚያ የከፋ አጀማመር የለም።

ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራ የሰፈር ልጅ አለ። "ልጠይቅልሽ?" ብሎኛል። አመስግኜው ተውኩት። ማጣራት ላይ ባለ ፋይል ዘመድ ሲገባበት፣ ንጹሑ ማስረጃ ራሱ ጥርጣሬ ያርፍበታል ብዬ አምናለሁ። ቃለ መጠይቅ ላደረጉልኝ የፋይናንስ ኃላፊም በቀጥታ አልደወልኩም። ጉዳዩ የኤችአር ከሆነ የሚጠየቀው ኤችአር ነው።

ኢሜይሉ ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። ሐሙስ ድረስ መልስ ስላልመጣ ወደ አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ሰኞ ጠዋት ቢሆን ሁሉም ስብሰባ ላይ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የምሳ ሰዓቱ ይረዝማል። ስልኩ ላይ ኢሜይሉን ብቻ አስታወስኳት። ፋይሉን አየችልኝና "ከሁለቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤቶችሽ አንዱ መልሷል፣ የኮንስትራክሽን ድርጅቱ ግን አልመለሰም" አለችኝ። "የላካችሁበትን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ቢሰጡኝ መድረሱን አጣርቼ እነግርዎታለሁ" አልኳት። ደስ ብሏት ሰጠችኝ።

ይህን ነገር ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ደብዳቤ ያለ ቁጥርና ቀን አይገኝም። የገባ ደብዳቤ በመጀመሪያ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከዚያ ኃላፊ ጋ ይቀርባል፣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለሚመለከተው ይመራዋል። የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ እዚህ መካከል ነው። "ደብዳቤ ደርሷችኋል?" ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ መልሱ "አላየንም" ነው። በቁጥር ሲጠየቅ ግን መዝገቡ ይገለጣል።

የድርጅቱ ስልክ አልሠራ አለኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ ያለው የድሮው የሳሪስ ቢሮ ስልክ ነው፤ እነሱ ግን ቃሊቲ ገብተዋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሚሠሩ በአካል ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያሉት እናት አልረሱኝም። "አንቺ ልጅ፣ ጠፋሽ እኮ!" ብለው ሳሙኝ። "እትዬ፣ አንድ ደብዳቤ ገብቶ እንደሆነ ይዩልኝ" ብዬ ቁጥሩን ሰጠኋቸው። መዝገቡን በጣታቸው እየተከተሉ አገኙት። ገብቷል። "አካውንታንት" የሚል ቃል ስላለበት ወደ ፋይናንስ ተመርቷል። ፋይናንስ ደግሞ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ስለተዘጋ ቆጠራና ሂሳብ መዝጋት ላይ ነው። ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ በሐምሌ የሂሳብ ሰው ቀና ብሎ አያይም። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ማንም ክፋት አላሰበም።

የቀድሞ አለቃዬ ቢሮ ነበሩ። "ጋሼ፣ ሥራ ላይ መጣሁብዎት" አልኳቸው። "የሠራተኛ ፋይል ያለው አስተዳደር ስለሆነ ወደዚያ ቢመሩልኝ ብዬ ነው። የሚመለሰውን እነሱ ከፋይሌ አይተው ይጻፉት።" እስክሪብቶ አንስተው ጠርዙ ላይ "ለአስተዳደር፣ በአስቸኳይ" ብለው ጻፉበት። መልሱን ይዤ ልሂድ አላልኩም። ማረጋገጫ ትርጉም የሚኖረው ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ነው። በእኔ ቦርሳ ከሄደ፣ ፋብሪካው እንደገና ደውሎ ማረጋገጥ ይኖርበታል። አዲሱን የቢሮ ስልክ ብቻ ተቀብዬ ሰኞ ለኤችአሯ ላክሁላት፦ "ደብዳቤው ደርሷል፣ አሁን አስተዳደር ክፍል ነው ያለው። ስልካቸው ተቀይሮ ነበር፤ አዲሱ ይኸው።"

መልሱ ሄደ። በዚያው ሳምንት ግን እሷ ራሷ ደወለችልኝ። የቅጥር ፋይሉ ለመጨረሻ ፈቃድ የሚላከው ውጭ አገር ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያለው ሰው ቀኖቹ አልገጠሙለትም። ሲቪዬ ላይ እዚያ ድርጅት የሠራሁት ከሴፕቴምበር 2017 እስከ ጁን 2019 ይላል። ከድርጅቱ የመጣው ምላሽ ደግሞ ከመስከረም 2010 እስከ ሰኔ 2011። ለእኛ አንድ ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ለማያውቅ ሰው ግን የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ነው፤ ማጣራት ላይ ደግሞ የቀን ልዩነት ክፉ ምልክት ነው። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፌ በግማሽ ገጽ ላክሁላት። "ለዋና መሥሪያ ቤቱ ቢያያይዙልኝ" አልኳት። ጥያቄው እዚያው ተዘጋ።

ሰው እያለቀሰ "ዘግይተውብኛል፣ ሐሳባቸውን ቀይረው ይሆናል" ሲለኝ አሁን የምጠይቀው ያልመለሰው ማን እንደሆነ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ቢሆን እንኳ መንገድ አለ። አዋጁ አሠሪ ለሠራተኛው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህን ማስረጃ ገና ሲለቁ ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ ከደመወዝ ወረቀቶች ጋር፣ በኋላ ኤችአርን "በዚህ ቢያዩልኝስ?" ለማለት ያስችላል። ኤችአሩ እምቢ የማለት መብት አለው፤ ግን የሚያየው ነገር ይኖረዋል። ሁለቴ ጽፈው፣ አንዴ ደውለው፣ የሚጎድለውን ጠይቀው ምንም መልስ ካልመጣ ግን ሌላ ማስታወቂያ መከታተሉን መቀጠል ነው። እኔም እስከ መጨረሻው አላቆምኩም ነበር።

ደብዳቤው ሐምሌ ሳያልቅ ደረሰኝ። ደመወዙም መደቡም በስልክ እንደተነገረኝ ነው። ባነበብኩት ማግሥት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን አስገብቼ ኮፒዬ ላይ ገቢ አስደርጌዋለሁ። ለእትዬና ለጋሼም ደውዬ ጉዳዩ ማለቁን ነግሬያቸዋለሁ። ሥራ የምጀምረው ከዘመን መለወጫ በፊት ነው።