ስልክ ሳይኖር ሺፍት መግባት

የምሠራው በአንድ የጥሪ ማዕከል የአይቲ ድጋፍ ክፍል ነው። የጠዋቱ ሺፍት 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የኛ ስልክ ግን ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይጮኻል። ሥራ ለመግባት ከፓስወርዱ በተጨማሪ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ጠሪው ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «ኮዱ አልመጣልኝም»። ከዚህች አባባል ጀርባ ሁለት የማይገናኙ ችግሮች አሉ። አንደኛው ሰው ስልክ አለው፣ ኔትወርክ የለውም። ሌላው ስልኩ ራሱ የለም። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም ተከታትለው ስለመጡ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አዳራሻችን ምድር ቤት ነው፤ ውስጥ ገብቶ ኔትወርክ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። የቢሮው ዋይፋይ ደግሞ ለግል ስልክ አይከፈትም። ሠራተኛው ፓስወርዱን ሲያስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይመጣል። ያንን ቁጥር ስልኩ ላይ በሚደርሰው ማሳወቂያ መጻፍ አለበት። ማሳወቂያው የሚደርሰው ግን በኢንተርኔት ነው። ስለዚህ ስልኩን ይዞ ደረጃ ለደረጃ ይሮጣል። በር ላይ ማሳወቂያው ሲገባለት ቁጥሩ ታች ቀርቷል። ቁጥሩን ይዞ ቢወጣም እስኪደርስ ጊዜው ያልፍበታል።

ይህ ሁሉ ሩጫ አያስፈልግም። የምንጠቀመው የማይክሮሶፍት አካውንት ነው። መግቢያው ላይ ከቁጥሩ ሥር I can't use my Microsoft Authenticator app right now የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። እሱን ተጭኖ Use a verification code የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ Microsoft Authenticator የሚባለውን የማረጋገጫ መተግበሪያ ከፍቶ አካውንቱን መንካት። ስድስት አኃዝ ያለው ኮድ ይታያል፤ እሱን መጻፍ ብቻ ነው።

ይህ ኮድ ከየትም አይላክም። መጀመሪያ አካውንቱን ስልካችን ላይ ስንመዘግብ አንድ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈጠራል። ያው ቁልፍ ስልኩም ሰርቨሩም ጋ ይቀመጣል። ሁለቱም ቁልፉንና የወቅቱን ሰዓት ይዘው በየ30 ሰከንዱ ለየብቻቸው ያሰላሉ፤ ውጤቱ አንድ ዓይነት ይወጣል። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ቢሆንም ይሠራል። በኤስኤምኤስ የሚመጣ ኮድ ግን ኔትወርክ ከሌለ የለም፤ ለምድር ቤት አይሆንም።

ዛሬ ታዲያ አንዱ ልጅ ይህንን ሁሉ በትክክል አድርጎ ኮዱ እምቢ አለው። ደጋግሞ ሞከረ፤ ስህተት ነው ይለዋል። ስልኩን አየሁት። ሰዓቱ 1:04 ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓትም 1:04 ነው። ኮምፒውተሩ ግን 7:04 ይላል። ልጁ የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይሮታል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ነውርም የለበትም። ስልኩ ግን ያንን አያውቅም። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ4 ደቂቃ መስሎት ነው የሚያሰላው። ስለዚህ የሚያወጣው ኮድ የስድስት ሰዓት አሮጌ ነው። ሰርቨሩ ጥቂት መዘግየት ይታገሣል እንጂ ይህን ያህል አይታገሥም።

አውቶማቲክ ሰዓት ላይ መልሼለት ወደ ላይ ወጥቶ ኔትወርክ እንዲያገኝ አደረግሁ። ሰዓቱ ተስተካከለ፣ የሚቀጥለው ኮድ ገባ። መውጣት ባይችል ኖሮ የኮምፒውተሩን ሰዓት እያየን በእጅ እንሞላው ነበር፤ ደቂቃው በትክክል እስከገጠመ ድረስ ይሠራል። የኢትዮጵያን ሰዓት ማየት የሚፈልግ ሰው የስልኩን ሰዓት ሳይነካ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ስክሪኑ ላይ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ኮዱ በየጊዜው እምቢ የሚለው ሰው ካለ እኔ አሁን መጀመሪያ የማየው ሰዓቱን ነው።

ሁለተኛዋ ጠሪ ስልኳን ታክሲ ውስጥ መንትፈዋታል። የደወለችው ከቲም ሊደሯ ስልክ ነው። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩ ብቻ ሳይሆን የዘገየችበት ደቂቃም ያሳስባታል። «ምሳ ሰዓት ላይ ሲሜን አስወጥቼ እመጣለሁ፣ ያኔ ይሠራል አይደል?» አለችኝ። አይሠራም። ሲሙ ሲወጣ ቁጥሯና ኤስኤምኤሷ ይመለሳሉ። የመተግበሪያው ቁልፍ ግን የነበረው ስልኩ ውስጥ ነው፤ ከሲም ጋር ተመልሶ አይመጣም።

አጠገቧ ያለችው ልጅ «በኔ ግቢና ሥሪ» ብላታለች። ደግነቷ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። በሌላ ሰው ስም ከገባች የቀኑ ጥሪ ሁሉ በዚያ ስም ይመዘገባል። የአንድ ደንበኛ መረጃ ቢወጣ ወይም ገንዘብ በስህተት ቢመለስ፣ ተጠያቂዋ አካውንቷን ያዋሰችው ልጅ ናት። ምንም ሳታውቅ።

እኔ ደግሞ በስልክ ሰምቼ ብቻ መግቢያ አልሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሴፕቴምበር የላስቬጋሱ ኤምጂኤም የሆቴልና የቁማር ድርጅት ሲስተሙ ተመቶ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉዳት ደርሶበታል። እንደተዘገበው አጥቂዎቹ በሩን የከፈቱት ሠራተኛ መስለው ወደ አይቲ ድጋፍ ደውለው ነው። እውነተኛዋ ሠራተኛም አስመሳዩም የሚያወሩት ያንኑ ነው፦ ስልኬ ጠፋ፣ ሥራ ረፈደብኝ፣ እባክህ ቶሎ። ስለዚህ ወርጄ ባጇንና ፊቷን አየሁ፤ ቲም ሊደሯም አረጋገጠችልኝ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከዚያ በቅደም ተከተል ሠራሁት። መጀመሪያ የተሰረቀውን ስልክ ከአካውንቷ አጠፋሁ። ቀጥሎ Revoke sessions የሚለውን ተጫንኩ። ስልኩ ላይ ክፍት የነበረ የሥራ ኢሜይል ካለ ድጋሚ መግቢያ እንዲጠይቅ ነው፤ ሌባው ስልኩን መክፈት ቢችል እንኳ። በመጨረሻ Temporary Access Pass የሚባለውን ጊዜያዊ ኮድ አወጣሁላት። ይህ በፓስወርዱም በስልኩም ፋንታ የሚገባ ነው። ዕድሜው ሳይነካ ከተተወ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ስምንት ሰዓት አደረግሁላት፤ ሲስተሙ በየመሃሉ ሲያስወጣት ሺፍቱን ሙሉ እንድትመለስበት። ኮዱን በቻት አልላክሁም፤ ወረቀት ላይ ጽፌ በእጇ ሰጠኋት። ወረቀቱ ወድቆ የሚያገኘው ሰው ቢኖር በእሷ ስም መግባት ስለሚችል ሺፍቱ ሲያልቅ ኮዱን ከሲስተሙ አጠፋሁት። አዲስ ስልክ ስትይዝ መተግበሪያውን እንደገና እናስመዘግባለን።

ከተደወለልኝ ጀምሮ ሥራ እስክትገባ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ከደመወዟ ይቆረጥባታል ወይ ብዬ ቲም ሊደሯን ጠየቅሁ፤ እንደ ቴክኒክ ችግር እንደምታስመዘግበው ነገረችኝ። ይህ ቋሚ ደንብ ቢሆን ጥሩ ነው። መዘግየቱ የሚያስቀጣ ከሆነ ሰው የጓደኛውን አካውንት መዋሱ አይቀርም።

የግል ጂሜይል ላይ ነገሩ ይቀላል። ባለ ስምንት አኃዝ አሥር መጠባበቂያ ኮዶች አስቀድሞ ማተም ይቻላል፤ እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ይሠራል። የሥራ አካውንታችን ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለዚህ ነው በዩኤስቢ የሚሰካ የደኅንነት ቁልፍ ለየሠራተኛው እንዲገዛ የምጠይቀው። እሱ ኔትወርክም ባትሪም አይፈልግም። ሁሉንም መግዛት ውድ ነው ከተባለ፣ ምድር ቤት ለሚሠሩት ይጀመር። ጥያቄውን ጽፌ ነገ ለአለቃዬ አስገባለሁ።