«ተሳስቼ ነው የፈረምኩት» የሚል ፋይል ሲቀርብልኝ የማደርገው

በእንግሊዝ የውል ሕግ ላይ ተመሥርቶ «ውሉ በስህተት የተደረገ ነውና ይፍረስ» የሚል ጉዳይ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ አንዱ ወገን ሲዋዋል ምን ያስብ እንደነበር፣ በቀኝ ደግሞ ሌላኛው ምን እንዳሰበ እጽፋለሁ። ሁለቱም ያንኑ የተሳሳተ ነገር አምነው ከሆነ የጋራ ስህተት ነው። ሁለቱ እየተላለፉ የተለያየ ነገር አስበው ከሆነ የእርስ በርስ ስህተት ይባላል። የተሳሳተው አንዱ ብቻ ከሆነ የአንድ ወገን ነው። በቆዩ ፍርዶች ውስጥ «የእርስ በርስ» የሚለው ቃል ለጋራ ስህተትም ስለሚውል፣ ስያሜውን ትቼ ወረቀቴን ነው የማምነው።

የእርስ በርሱ አጭር ነው። በ1864 የተፈረደው የራፍልስና የዊክልሃውስ ጉዳይ ከቦምቤይ በ«ፒርለስ» መርከብ ስለሚመጣ ጥጥ ነበር። ፒርለስ የሚባሉ ሁለት መርከቦች ነበሩ፤ አንዷ በጥቅምት፣ ሌላዋ በታኅሣሥ የምትነሣ። ገዢው አንዷን፣ ሻጩ ሌላዋን አሰበ። ፍርዱ ለገዢው ሆነ። ዛሬ ግን ሁለት ሐሳብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሦስተኛ ሰው ቃላቱን አንብቦ አንዱን ትርጉም መምረጥ ከቻለ ውሉ በዚያው ትርጉም ይጸናል።

ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ የአንድ ወገን ስህተት ነው፤ ምክንያቱም መነሻው «ተሳሳትክ እንጂ ምን አገባኝ» የሚል ነው። ውሉ ከመነሻው ውጤት እንዳይኖረው ሁለት ነገር መረጋገጥ አለበት፦ ስህተቱ በውሉ ቃል ላይ መሆኑ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ያን ማወቁ ወይም ከሁኔታው ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑ።

በ1939 የተወሰነው የሃርቶግ ጉዳይ ይህን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሻጮቹ 30,000 የአርጀንቲና ጥንቸል ቆዳ ለመሸጥ ዋጋ ሲያቀርቡ በፍሬ ማለት ሲገባቸው በፓውንድ ክብደት ብለው ጻፉ። በአንድ ፓውንድ ሦስት ያህል ቆዳ ስለሚገባ ዋጋው ወደ ሲሶ ወረደ። ገዢው ተቀበልኩ አለ፤ ሻጮቹ አናስረክብም ሲሉም ካሳ ጠይቆ ከሰሰ፤ ተረታም። የፈረደበት የዋጋው ርካሽነት ብቻ አይደለም። ቀደም ሲል የተደረገው ድርድር ሁሉ በፍሬ ነበር፤ የንግዱ ልማድም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ዋጋ አይቶ ሻጩ በእርግጥ ይህን አስቦ ነው ብሎ ማመን አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ደንበኛዬን የምጠይቀው ከዚያ በፊት የተላላካችሁትን ደብዳቤ በሙሉ አምጣ ብዬ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ዋጋ ከሌለ ክርክሩ ባዶ ይሆናል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን የውሉ ቃልና የዕቃው ጥራት መደባለቁ ነው። በ1871 በስሚዝና በሂውዝ ጉዳይ ገዢው አጃው ያረጀ መስሎት ሲገዛ፣ ሻጩ የመሰለውን ቢያውቅም እንኳ ዝም ማለቱ ብቻ ውሉን አያፈርስም ተባለ። ገዢው «ሻጩ ያረጀ አጃ እንደሚሰጠኝ ቃል ገብቷል» ብሎ አምኖ፣ ሻጩም ይህን ማመኑን ቢያውቅ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር። ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ብዙው ፋይል የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ለጋራ ስህተት የማነበው የ2002ቱን የ«ግሬት ፒስ» ውሳኔ ነው። ተከራዮቹ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ የተጎዳች መርከብን እንድትረዳላቸው፣ 35 ማይል ያህል ርቃ የምትገኝ የመሰለቻቸውን ግሬት ፒስን ቢያንስ ለአምስት ቀን ተከራዩ፤ ለካ 410 ማይል ርቃለች። ይህ ሁሉ ርቀት ውሉን አላፈረሰውም። ስህተቱ አፈጻጸሙን የማይቻል ማድረግ ነበረበት፤ መርከቧ ግን ደርሳ ልታገለግል ትችል ነበር። ተከራዮቹም ርቀቱን ካወቁ በኋላ ቅርብ ያለ ሌላ መርከብ እስኪያገኙ ድረስ አለመሰረዛቸው ተቆጠረባቸው።

ይህን መንገድ ከመጀመሬ በፊት ግን የውሉን አንቀጾች አነባለሁ። አደጋውን አንዱ ወገን የተሸከመበት ወይም ዋስትና የሰጠበት ሐረግ ካለ ስለ ጋራ ስህተት ክርክር የለም። ስህተቱን የፈጠረው የሌላው ወገን ሐሰተኛ ንግግር ከሆነም ፋይሉን ወደዚያ አዞራለሁ። በዚያ መንገድ ውሉ ከመነሻው ፈራሽ ሳይሆን ሊሰረዝ የሚችል ይሆናል፤ የ1967ቱ የሐሰተኛ መግለጫ ሕግም የካሳ በር ይከፍታል። ዕቃው ለሦስተኛ ወገን በቅንነት ከተሸጠ በኋላ ከሆነ ግን መሰረዝ አይቻልም።