ስምንት ሰዎች በወረቀት ላይ፦ ችሎታን ከስሌቱ ስተወው የትምህርት ዋጋ ለምን እጥፍ ሆኖ ታየኝ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ በባሕር ዳር ሆቴሎች፣ ሱቆችና ጋራዦች የሚሠሩ ከመቶ በላይ ሰዎችን ደመወዛቸውንና የተማሩበትን ዓመት ጠይቄ ነበር። ደመወዝን ከትምህርት ዓመት ጋር ብቻ አያይዤ በሪግሬሽን ሳሰላው ኮኢፊሸንቱ ትልቅ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ ትንሽ ሆኖ ወጣልኝ፤ እኔም ሳላመነታ «አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት ደመወዝን በዚህ ያህል ብር ያሳድጋል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ «ያሳድጋል» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ከበው፣ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነበር፦ «ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጅ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ደመወዙ ዛሬ ከስምንተኛ ያቋረጠው ልጅ ከሚያገኘው ጋር እኩል ይሆን ነበር?»

ጥያቄው በወቅቱ አልገባኝም። ናሙናዬ ያነሰ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ በባጃጅ እየዞርኩ ተጨማሪ ሰዎች ጠየቅሁ። ቁጥሩ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀምጬ መጠይቆቹን ወደ ጎን ካደረግሁ በኋላ፣ እውነቱን አስቀድሜ የማውቅላቸው ስምንት ሰዎች በወረቀት ላይ ፈጠርኩ። ስሕተቴን ያየሁት በእነዚህ ስምንት ሰዎች ነው።

ደንቡን ራሴ አወጣሁ። መነሻው 1000 ብር ነው፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዓመት 300 ብር ይጨምራል፤ ቀልጣፋ የሆነ ሰው ደግሞ ስለ ቅልጥፍናው፣ ማለትም ስለ ችሎታው፣ ብቻ 1800 ብር ይጨመርለታል። ቀልጣፋ ካልሆኑት አራቱ 8፣ 10፣ 10 እና 12 ዓመት ተምረዋል፤ ደመወዛቸውም 3400፣ 4000፣ 4000 እና 4600 ብር ነው። ቀልጣፎቹ አራቱ 12፣ 14፣ 14 እና 16 ዓመት ተምረው 6400፣ 7000፣ 7000 እና 7600 ብር ያገኛሉ። ቀልጣፎቹን ረዘም ላለ ጊዜ ያስተማርኳቸው በዘፈቀደ አይደለም፤ ፈተና የሚቀናው ልጅ ትምህርቱን የመግፋት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ቅልጥፍናን የማላውቅ መስዬ ሂሳቡን በR ፕሮግራም ሠራሁ፤ S የትምህርት ዓመት፣ A ቅልጥፍና፣ W ደመወዝ ነው።

```
S <- c(8,10,10,12,12,14,14,16)
A <- c(0,0,0,0,1,1,1,1)
W <- 1000 + 300*S + 1800*A
coef(lm(W ~ S))
coef(lm(A ~ S))
coef(lm(W ~ S + A))
```

የመጀመሪያው ሪግሬሽን ለአንድ የትምህርት ዓመት 600 ብር ሰጠኝ። እውነተኛው ግን እኔው ያስቀመጥኩት 300 ነው፤ ቅልጥፍናን የጨመረው ሦስተኛው ሪግሬሽንም ይህንኑ 300 ይመልሳል። ትርፉ 300 ብር ከየት መጣ? መልሱ ያለው በሁለተኛው ሪግሬሽን ውስጥ ነው። ቅልጥፍናን በትምህርት ላይ ሳሰላው ኮኢፊሸንቱ 1/6 ሆነ፤ ማለትም በትምህርት መሰላል አንድ ዓመት ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የምናገኘው ሰው ቀልጣፋ የመሆን ድርሻው በአማካይ በአንድ ስድስተኛ ይጨምራል። አንድ ቀልጣፋ ሰው 1800 ብር ብልጫ ስላለው፣ የ1800 አንድ ስድስተኛ የሆነው 300 ብር በየዓመቱ ከትምህርት ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታያል። የተተወ ተለዋዋጭ የሚያመጣው መዛባት ምንጊዜም የሚሰላው በዚህ መንገድ ነው፦ የተተወው ነገር በደመወዝ ላይ ያለው ኃይል፣ ከትምህርት ጋር አብሮ በሚሄድበት መጠን ይባዛል። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ መዛባት የለም። ስለዚህ ደመወዝን የሚነካ ነገር ሁሉ ስላልተለካ ብቻ ሥራችንን ያበላሻል ማለት አይደለም፤ ከትምህርት ጋር ካልተያያዘ ግምቱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘው ይሆናል እንጂ ወደ አንድ ወገን አያዘነብለውም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ፣ የምተማመንባቸው ምልክቶች በሙሉ ጤነኛ መስለው መታየታቸው ነው። R² ወደ 0.89 ገደማ ነበር። ቀሪዎቹ፣ ማለትም በትክክለኛው ደመወዝና ሪግሬሽኑ በሚተነብየው መካከል ያሉት ልዩነቶች፣ ከትምህርት ጋር ዝምድና እንዳላቸው ስመረምር ዜሮ አገኘሁና ተደሰትኩ፤ የሪግሬሽኑ ስሌት ራሱ ቀሪዎቹን በግድ ከትምህርት እንደሚያለያያቸው፣ ስለዚህም ይህ ምርመራ ሁልጊዜ ዜሮ እንደሚሰጥ ዘግይቶ ነው የገባኝ። የሁለት ሳምንት ድካሜ ለምን ከንቱ እንደነበረም እዚሁ አየሁ። ስምንቱን ሰዎች ሺህ ጊዜ ገልብጬ 8000 ሳደርጋቸው ግምቱ 600 ላይ ቆመ፤ ስታንዳርድ ኤረሩ ብቻ ከ87 ገደማ ወደ 2.4 ወረደ። የናሙናው መብዛት ስሕተቱን አላረመውም፤ ያደረገው በተሳሳተው ቁጥር ላይ ይበልጥ እንድተማመን ብቻ ነው።

ምልክቱ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። በወረቀቴ ላይ 12 ዓመት የተማሩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ 4600፣ ሌላው 6400 ብር ያገኛል። እኩል ተምረው ይህን ያህል የሚለያያቸው ነገር ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ያ ነገር ሰው ስንት ዓመት እንደሚማር ይወስን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። ይህን ኮምፒውተሩ አያስብልንም።

ወደ እውነተኛው መረጃዬ ስመለስ የችሎታ መለኪያ አልነበረኝም። የቀረበኝ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ውጤት ነበር። ጥሩ ጎኑ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ካለው ትምህርት በፊት የተገኘ መሆኑ ነው፤ ሰውየው አሁን የያዘውን የሥራ መደብ ጨምሬ ቢሆን ኖሮ ግን ትምህርቱ ራሱ ያመጣለትን ነገር መልሼ እቀንስበት ነበር። ነገር ግን ፈተና ችሎታን በትክክል አይለካም። ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት በስምንቱ ሰዎች ላይ ፈተናው ሁለት ሰዎችን እንዲሳሳት አደረግሁ፦ 10 ዓመት ከተማሩት አንዱን «ቀልጣፋ»፣ 14 ዓመት ከተማሩት ቀልጣፎች አንዱን ደግሞ «ቀልጣፋ ያልሆነ» አለው። ከስምንት ስድስቱን በትክክል የለየ ፈተና መዛባቱን አብዛኛውን ያስወግዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ግምቱ ከ600 ወደ 570 ብቻ ወረደ። ከ300 ብር ትርፍ ውስጥ 30 ብር ብቻ ተነሣ ማለት ነው። ግማሽ መለኪያ ግማሹን ያጠራል የሚለው ግምቴ ልክ አልነበረም።

አቅጣጫውም ቢሆን ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደሆነ መውሰድ አይቻልም። ከሐይቁ ዳር ቀልጣፋው ልጅ ገና በጠዋቱ ትምህርት ትቶ ዓሣ በመነገድ ወይም ቱሪስት በጀልባ በማመላለስ ጥሩ ገንዘብ የሚያገኝ ቢሆን፣ ቅልጥፍናና ትምህርት በተቃራኒ ይሄዳሉ፤ ያኔ ቅልጥፍናን መተው የትምህርትን ዋጋ ያሳንሰዋል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ኦርሊ አሸንፌልተርና አለን ክሩገር በ1994 ባሳተሙት የመንትዮች ጥናት፣ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንትዮችን እርስ በርስ ሲያወዳድሩ የተጠበቀውን ያህል የችሎታ መጋነን አላገኙም፤ እንዲያውም ሰዎች የተማሩበትን ዓመት በስሕተት መናገራቸው ግምቱን ወደ ታች እንደሚጎትት አሳዩ። የእኔ መጠይቅም በሰዎች ቃል ብቻ የተሞላ ስለነበር ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጨረሻው ረቂቅ የፈተናውን ውጤት ያካተተውንና ያላካተተውን ግምት ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ፈተናው ሲገባ ኮኢፊሸንቱ ቀነሰ፤ የቀረው ግን አሁንም ከመዛባት ነጻ እንዳልሆነ በሥሩ ጻፍኩ። በቀይ የተከበበውን ቃል ሰርዤ፣ «በዚህ ናሙና ውስጥ አንድ ዓመት የበለጠ የተማሩ ሰዎች በአማካይ በዚህ ያህል ብር የሚበልጥ ደመወዝ ያገኛሉ፤ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የትምህርቱ እንደሆነ ግን ይህ መረጃ ለይቶ አያሳይም» በሚል ተካሁት። አማካሪዬ ከዚህ ዓረፍተ ነገር አጠገብ ምንም ሳይጽፉ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፉ።